ከዋሽንግተን የወጣ ዶላር ባንኮክ ላይ ስንት ባት ይሆናል?

ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ የራሱን ገንዘብ ወደ ሰው አገር ገንዘብ የሚቀይርባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በካርድ በቀጥታ መክፈል ነው፤ ሁለተኛው ከኤቲኤም ማውጣት፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሄዶ ምንዛሪ ቤት መዘርዘር ነው። ሦስቱም ዋጋ ያስከፍላሉ፤ ዋጋው ግን ሁልጊዜ በግልጽ አይታይም። አንዳንዱ «የአገልግሎት ክፍያ» ተብሎ በደረሰኝ ላይ ይጻፋል፣ ሌላው የምንዛሪ ተመኑ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል። «ኮሚሽን አንጠይቅም» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ምንዛሪ ቤት ከሁሉ ውድ ሆኖ ሊገኝ የሚችለውም ትርፉን ከተመኑ ላይ ስለሚወስድ ነው።

ስለዚህ ሦስቱን ለማወዳደር አንድ መለኪያ ያስፈልጋል። እሱም መካከለኛው ተመን፣ ማለትም ታላላቅ ባንኮች እርስ በርስ በሚገበያዩበት የመግዣና የመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ቁጥር ነው። ስልክ ላይ አንድ ዶላር ስንት ባት እንደሆነ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ይህንኑ ነው። በዚህ ተመን ማንም መንገደኛ አይመነዝርም፤ ጥቅሙ ማነጻጸሪያ መሆኑ ነው። ከሒሳቡ በጠቅላላ ስንት ዶላር እንደወጣና በእጁ የገባው ባት በመካከለኛው ተመን ስንት ዶላር እንደሚያወጣ የሚያውቅ ሰው፣ ልዩነቱን በማየት ብቻ ትክክለኛውን ወጪ ያገኛል። ክፍያው ምን ተብሎ እንደተጠራ ማወቅም አያስፈልገውም።

ለምሳሌ የሚሆነው በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖርና በዶላር ደመወዝ የሚያገኝ፣ ሁለት ሳምንት ባንኮክ የሚቆይ ሰው ነው። ታይላንድ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት ጥሩ አገር ናት፤ ሆቴሉና የገበያ ማዕከሉ ካርድ ይቀበላል፣ የመንገድ ዳር ምግብ ሻጩ፣ ባለ ሦስት እግር ታክሲውና የቅዳሜና እሑድ ገበያው ግን ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋሉ። የአገሬው ሰው በስልኩ ኮድ እያነሳ ቢከፍልም፣ ያ መንገድ በአብዛኛው ከታይ ባንክ ሒሳብ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ለሁሉም ጎብኚ ክፍት አይደለም። ለስሌት እንዲመች መካከለኛው ተመን 33 ባት በአንድ ዶላር ይሁን። ተጓዡ በሁለት ሳምንቱ 46,200 ባት፣ ማለትም 1,400 ዶላር ያወጣል እንበል። ከዚህ ውስጥ 26,400 ባቱ (800 ዶላር) ካርድ በሚቀበሉ ቦታዎች፣ 19,800 ባቱ (600 ዶላር) ደግሞ ጥሬ ገንዘብ በሚጠይቁ ቦታዎች የሚወጣ ነው። ከታች ያሉት ተመኖች ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ ከቀን ቀን ይለዋወጣሉ፣ የመንገዶቹ ቅደም ተከተል ግን እምብዛም አይለወጥም።

በካርድ መክፈል ሲባል ዋጋውን የሚወስኑት ሁለት ወገኖች ናቸው። የመጀመሪያው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው። ባቱን ወደ ዶላር የሚቀይሩት እነሱ ሲሆኑ፣ ተመናቸው ለመካከለኛው በጣም የቀረበ ነው፤ ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ በመቶ በታች ነው። ሁለቱም የዕለት ተመናቸውን በድረ ገጻቸው ስለሚያወጡ፣ ማንም ሰው የከፈለበትን ቀን አስገብቶ ማረጋገጥ ይችላል። ሁለተኛው ወገን ካርዱን የሰጠው ባንክ ነው። ብዙ የአሜሪካ ባንኮች በውጭ አገር በተደረገ ክፍያ ላይ 3 በመቶ ይጨምራሉ፤ ለጉዞ ተብለው የሚሰጡ ብዙ ክሬዲት ካርዶች ግን ይህን ጭማሪ ጨርሶ አይጠይቁም። እንግዲህ 800 ዶላር የሚያወጣው የሆቴልና የሱቅ ወጪ በአንደኛው ካርድ 824 ዶላር፣ በሌላኛው 800 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሁለቱ ካርዶች በኪስ ውስጥ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸው የሚገኘው ባንኩ ከካርዱ ጋር በሰጠው የውል ወረቀት ላይ፣ የውጭ አገር ግብይት ክፍያ በሚለው መስመር ነው። ያንን መስመር ማንበብ ያለበት ተሳፋሪው ከመነሳቱ ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ነው፤ አዲስ ካርድ አመልክቶ በፖስታ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳልና።

በባንኮክ አንዳንድ ትንንሽ ሱቆች በካርድ ለሚከፍል ሰው በዋጋው ላይ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራሉ። ይህ ከባንኩ ጭማሪ የተለየ ነው፣ የሱቁ ነው። ሻጩ ካርዱን ከማስገባቱ በፊት ይናገራልና፣ በዚያ ቦታ ጥሬ ገንዘብ መክፈል ይረክሳል።

ከባንኩ ጭማሪ የሚብሰው ወጪ ግን በሌላ በኩል ይመጣል። ሆቴሉ ካርዱን በማሽኑ ውስጥ ሲያስገባ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቁጥር ይወጣል፦ አንዱ በባት፣ ሌላው በዶላር። እንግዳው በለመደው ገንዘብ ስንት እንደሚከፍል ወዲያውኑ እንዲያውቅ የተደረገ ደግነት ይመስላል። ዶላሩን ከመረጠ ግን ምንዛሪውን የሚሠራው ቪዛ ወይም ማስተርካርድ መሆኑ ይቀርና የማሽኑ ባለቤት ኩባንያ ይሆናል። ያ ኩባንያ በተመኑ ላይ የራሱን ትርፍ ይጨምራል፣ ከፊሉንም ለሱቁ ወይም ለሆቴሉ ያካፍላል። አንዳንድ ሠራተኛ እንግዳውን ሳይጠይቅ ዶላሩን የሚጫነውም ለዚህ ነው። በዚህ ምክንያት ተመኑ 5 በመቶ ቢወርድ 800 ዶላር የነበረው ወጪ 842 ዶላር ይደርሳል። ነገሩ በዚህ ላያበቃም ይችላል፤ ብዙ ባንኮች 3 በመቶውን የሚያስከፍሉት ክፍያው ውጭ አገር በመፈጸሙ እንጂ ገንዘቡ ባት በመሆኑ ስላልሆነ፣ በዶላር የተከፈለውም ላይ ይጨምሩታል። ያኔ ሒሳቡ 867 ዶላር ገደማ ይሆናል። በመላው ጉዞ ላይ በአንድ ጣት ንክኪ የሚጠፋ ከዚህ የሚበልጥ ገንዘብ እምብዛም የለም።

መከላከያው ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ መምረጥ፣ ታይላንድ ከሆነ ባት። ማሽኑ አንድ ጊዜ በዶላር ካሳለፈው በኋላ ግን ስሕተቱ የሚታየው ደረሰኙ ላይ ነው፤ የዶላር ምልክትና የምንዛሪ ተመን ታትሞበት ከተገኘ ምንዛሪው ማሽኑ ላይ ተሠርቷል ማለት ነው። ከመፈረም ወይም ከቆጣሪው ፊት ከመሄድ በፊት ክፍያው ተሰርዞ እንደገና በባት እንዲሠራ መጠየቅ ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከ2020 ወዲህ ማሽኑ ወይም ኤቲኤሙ ጭማሪው ከአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ተመን በስንት በመቶ እንደሚበልጥ እንዲያሳይ በሕግ ይገደዳል። ታይላንድ ይህ ሕግ አይደርስባትም፤ እዚያ መንገደኛው ራሱ ማስላት አለበት።

ወደ ኤቲኤም ሲኬድ የወጪው ተፈጥሮ ይለወጣል፤ በመቶኛ የሚሰላ ብቻ ሳይሆን ቁርጥ የሆነ ክፍያም ይገባበታል። የታይ ባንኮች በውጭ አገር ካርድ ለሚያወጣ ሰው ለአንድ ጊዜ 220 ባት ሲያስከፍሉ ቆይተዋል፤ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ። የሚወጣው ገንዘብ 1,000 ባትም ሆነ 20,000 ባት ክፍያው ያው ነው። በዚህ ላይ የተጓዡ የራሱ ባንክ የሌላ ባንክ ኤቲኤም በመጠቀሙ 5 ዶላርና የተለመደውን 3 በመቶ ቢጨምር፣ ሦስት ክፍያ በአንድ ላይ ይደራረባል። ሰዎች ጥሬ ገንዘብ በብዛት መያዝ ስለሚፈሩ በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ትንሽ ትንሽ ያወጣሉ። ውድ የሚያደርገውም ይኸው ጥንቃቄ ነው። 3,300 ባት፣ ማለትም 100 ዶላር ለማውጣት ከሒሳቡ 3,520 ባት ይቀነሳል፤ ይህም 106.67 ዶላር ነው። 3 በመቶው 3.20 ዶላር፣ የባንኩ ቁርጥ ክፍያ 5 ዶላር ሲደመር 114.87 ዶላር ይመጣል። ስድስት ጊዜ ተመላልሶ 19,800 ባቱን ያወጣ ሰው 600 ዶላር የሚያወጣ ጥሬ ገንዘብ በ689 ዶላር ገዛ ማለት ነው።

ያንኑ 19,800 ባት በአንድ ጊዜ ቢያወጣ ግን የሚቀነሰው 20,020 ባት፣ ወይም 606.67 ዶላር ነው። 3 በመቶው 18.20 ሲሆን፣ ከ5 ዶላሩ ጋር 630 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ኪሳራው ከ89 ዶላር ወደ 30 ወረደ፤ የተለወጠው የመመላለሱ ቁጥር ብቻ ነው። የውጭ አገር ክፍያ የማይጠይቅ ካርድ ያለው ደግሞ 220 ባቱን ብቻ፣ ማለትም 6 ዶላር ከ67 ሳንቲም ያጣል። የሌላ ባንክ ኤቲኤም ያስከፈለውን ጭምር የሚመልሱ የአሜሪካ የዴቢት ካርዶችም አሉ፤ እንዲህ ያለ ካርድ የያዘ ሰው ምንዛሪ ቤት የሚፈልግበት ምክንያት እምብዛም የለውም። አንድ ገደብ አለ፦ የራሱ ባንክ በቀን ከ500 ዶላር በላይ እንዳይወጣ ወስኖ ከሆነ 600 ዶላሩ በአንድ ጊዜ አይወጣም፣ ኤቲኤሙም ጥያቄውን ይመልሳል። ገደቡን ከጉዞው በፊት በስልክ ማስጨመር ይቻላል።

ኤቲኤሙም እንደ ሆቴሉ ማሽን በዶላር ልመንዝርልህ ይላል፣ እንዲያውም አጠያየቁ የባሰ ተንኮል አለው። ስክሪኑ ተመኑን አሳይቶ እንዲቀበሉት ወይም እንዲተዉት ይጠይቃል። አልቀበልም ማለት ገንዘቡን መከልከል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ግን አይደለም። Without Conversion ወይም Decline Conversion የሚለውን የተጫነ ሰው ገንዘቡን ያገኛል፣ ምንዛሪው ብቻ ለቪዛ ወይም ለማስተርካርድ ይተላለፋል። ስክሪኑ በአንድ ዶላር 31 ባት ቢያቀርብና ተጓዡ ቢቀበል፣ ያ በ630 ዶላር ያለቀው ወጪ 670 ዶላር ይሆናል። 220 ባቱን ግን የትኛውም ምርጫ አያስቀረውም፤ እሱ ሌላ ስክሪን ላይ የሚመጣ ነው፣ ካልተስማሙበት ገንዘቡ አይወጣም። ሁለቱ ጥያቄዎች ተከታትለው ስለሚመጡ አንዱን ከሌላው የሚያምታታ ሰው አይጠፋም።

ክሬዲት ካርድ ለመክፈል ጥሩ ነው፣ ከኤቲኤም ለማውጣት ግን አይሆንም። ባንኩ ይህን እንደ ግዢ ሳይሆን እንደ ብድር ይቆጥረዋል። ለዚህም ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይወስዳል፤ ወለዱም በወሩ መጨረሻ ሳይሆን ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። በዓመት 30 በመቶ ወለድና 3 በመቶ የውጭ አገር ክፍያ ባለው ካርድ የወጣው 19,800 ባት፣ ዕዳው በ30 ቀን ቢከፈል 670 ዶላር ገደማ ያስወጣል። ዴቢት ካርዱ የጠፋበት ሰው ለአንድ ቀን ቢጠቀምበት ይገባል እንጂ ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

ሦስተኛው መንገድ፣ ዶላር ይዞ ሄዶ መዘርዘር፣ በብዙ አገር ውድ ነው፤ በባንኮክ ግን በአግባቡ ከተሠራ ከሁሉ የረከሰ ሊሆን ይችላል። ከተማዋ ውስጥ እርስ በርስ የሚፎካከሩ የግል ምንዛሪ ቤቶች አሉ፤ ሱፐርሪች በሚል ስም የሚታወቁት በተለይ ስመ ጥር ናቸው። ተመናቸው ከመካከለኛው በግማሽ በመቶ አካባቢ ብቻ ይርቃል። 32.85 ባት በዶላር ቢሰጡ 19,800 ባት ለማግኘት 602.74 ዶላር ይበቃል፤ ኪሳራው ሦስት ዶላር እንኳ አይሞላም። ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓምድ ቁጥር አለ፤ ዶላር ለሚሸጥ መንገደኛ የሚመለከተው ምንዛሪ ቤቱ የሚገዛበት፣ ዝቅ ያለው ቁጥር ነው። በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለው ርቀት ራሱ ይናገራል፤ ከጠበበ ቤቱ ቅን ነው፣ ከሰፋ ሌላ ቤት መፈለግ ይሻላል።

ይህ ርካሽነት ግን ቦታና ብር ኖት ይመርጣል። በሱቫርናቡሚ አየር ማረፊያ ሻንጣ ተቀብሎ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያገኛቸው የባንክ መስኮቶች ከከተማው ያነሰ ተመን ይሰጣሉ፤ 31.70 ቢሆን ያው 19,800 ባት 625 ዶላር ገደማ ይበላል። የከተማው ባቡር የሚነሳበት ምድር ቤት ድረስ የወረደ ግን የግል ምንዛሪ ቤቶችን ከዚያው ሕንፃ ሳይወጣ ያገኛል። ከሁሉ የሚብሰው ከአሜሪካ ሳይነሱ ባት መግዛት ነው። ባት በአሜሪካ ብዙ ሰው የማይፈልገው ገንዘብ በመሆኑ፣ የሚያስመጣው ባንክና የአየር ማረፊያው ምንዛሪ ቤት ማስመጫውንና ማስቀመጫውን ከመንገደኛው ላይ ያስከፍላሉ። ተመኑ 10 በመቶ ቢወርድ 600 ዶላር የሚያወጣው ባት 667 ዶላር ይፈጃል።

የኖቱ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። በባንኮክ ሰሌዳዎች ላይ የ100 ዶላር ኖት የተለየ፣ ከሁሉ ከፍ ያለ ተመን አለው፤ የ50ው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ባለ 20ና ከዚያ በታች ያሉት ደግሞ ይበልጥ። የተጻፈበት፣ የተቀደደ ወይም ማኅተም ያረፈበት ኖት ሊመለስ ይችላል፤ ከ1996 በፊት የታተመው፣ ምስሉ ትንሽ የሆነው አሮጌ የ100 ዶላር ኖትም እንዲሁ። ስለዚህ ከባንክ ሲወጣ ገንዘቡን አዳዲስ የ100 ኖት አድርጎ መቀበል ያዋጣል። ለመዘርዘር ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ሆቴል ጥሎት የመጣ ሰው ተሰልፎ በባዶ እጁ ይመለሳል።

ጥሬ ገንዘብ የራሱ ስጋት አለው። ካርድ ቢሰረቅ በስልክ ይዘጋል፣ 600 ዶላር ቢሰረቅ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሙሉውን በአንድ ጊዜ ከመዘርዘር ይልቅ በመጀመሪያው ቀን ግማሹን፣ በሁለተኛው ሳምንት ቀሪውን መዘርዘር ምንም ተጨማሪ ክፍያ አያመጣም። ምንዛሪ ቤት እንደ ኤቲኤም ቁርጥ ክፍያ ስለሌለው መመላለስ አያስቀጣም፤ ጥሬ ገንዘብ ከኤቲኤም የሚሻልበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ስሌቱ አንድ ደረጃ አስቀድሞ ይጀምራል። ብር ባንኮክ ላይ የሚዘረዝር ምንዛሪ ቤት ማግኘት አስተማማኝ ስላልሆነ፣ መጀመሪያ ብሩ ዶላር መሆን አለበት። ተመኑ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባንኮች የሚለጥፉት የመሸጫ ዋጋ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን በላዩ የሚጨመረውን ኮሚሽንም አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእንዲህ ያለው ተጓዥ ትክክለኛው ጥያቄ አንድ ባት በመጨረሻ ስንት ብር ወሰደ የሚለው ነው። ዶላሩን ለመግዛት 5 በመቶ የከፈለ ሰው፣ ባንኮክ ላይ ግማሽ በመቶ ለማዳን ከተማ ለከተማ ቢዞር ትልቁን ወጪ ከኋላው ትቶ መጥቷል። ባንኩ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ዓለም አቀፍ ካርድ ካለው ደግሞ የካርዱ ማውጫ ክፍያና የምንዛሪ ጭማሪ በጽሑፍ ሊጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ የዋሽንግተኑን ተጓዥ ሁለት መልክ ማስያዝ ይቻላል። አንደኛው ባለው የተለመደ ካርድ ሆቴሉን በዶላር ከፍሎ፣ ጥሬ ገንዘቡን ስድስት ጊዜ ከኤቲኤም ያወጣ ነው። በካርዱ 67፣ በኤቲኤሙ 89፣ በጠቅላላ 156 ዶላር አጥቷል፤ ይህም ከወጪው 11 በመቶ ነው። ሁለተኛው የውጭ አገር ክፍያ በማይጠይቅ ክሬዲት ካርድ ሁልጊዜ በባት እየከፈለ፣ ስድስት የ100 ዶላር ኖት ከከተማ የዘረዘረ ነው። የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ትንሽ ልዩነት ቢታሰብበት እንኳ የጠፋው ከ10 ዶላር አይበልጥም። እንዲህ ያለ ክሬዲት ካርድ የሌለው ሰው ሁለቱን ትልልቅ ኪሳራዎች ብቻ ቢያስቀር፣ ማለትም በባት ቢከፍልና ጥሬ ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ቢያወጣ፣ ኪሳራው 54 ዶላር ላይ ይቆማል፤ 24ቱ ከካርዱ፣ 30ው ከኤቲኤሙ። ዶላር ከዘረዘረ ደግሞ ወደ 27 ይወርዳል።

በጉዞው መጨረሻ ላይ ሁለት ትንንሽ ነገሮች ይቀራሉ። ሆቴሉ ለመያዣ የያዘው ገንዘብ በዴቢት ካርድ ከሆነ ከሒሳቡ ላይ ለቀናት ታግዶ ይቆያል፤ በሁለተኛው ሳምንት ኤቲኤም የከለከለው ሰው ምክንያቱን እዚያ ሊያገኘው ይችላል። መያዣን በክሬዲት ካርድ መስጠት ይህን ያስቀራል። የተረፈ ባት ደግሞ መልሶ ዶላር ሲሆን ሁለተኛ ጊዜ ይከስራል፣ ሳንቲሙን ምንዛሪ ቤት ከነጭራሹ አይቀበለውም። በመጨረሻው ቀን ቀሪውን ባት ለሆቴሉ ሒሳብ ከፍሎ የጎደለውን ብቻ በካርድ መሙላት ይቻላል፤ ብዙ ሆቴሎች አንድን ሒሳብ ለሁለት ከፍለው ይቀበላሉ።